ኢሲቲ ለነርሶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በአእምሮ ሕክምና ክፍል ለሚሠሩ ነርሶች የተዘጋጀ ነው። ኢሲቲ በማደንዘዣ ለተኛ ታካሚ ጭንቅላቱ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ኤሌክትሪክ በመስጠት የአንጎል መንቀጥቀጥ የሚቀሰቅስ ሕክምና ነው። ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ሐኪሙ ነው፤ ማደንዘዣውም የማደንዘዣ ባለሙያው ሥራ ነው። ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ታካሚዋ ነቅታ ስሟን እስክትናገር ድረስ አብሯት የሚቆየው ግን ነርሱ ነው፤ ብዙ ስሕተት የሚያዘውም፣ የሚያመልጠውም በዚሁ ሰዓት ነው። መልሶቹን ለማያያዝ አንዲት የምሳሌ ታካሚ እንይዛለን፦ 52 ዓመቷ፣ ክብደቷ 48 ኪሎ፣ «ሆድ ዕቃዬ በስብሷል» ብላ ካመነች በኋላ ለአሥር ቀን ከውኃ በቀር ምንም ያልቀመሰች ሴት።

ኢሲቲ የሚታዘዘው ለማን ነው?

በመጀመሪያ መድኃኒት እስኪሠራ መጠበቅ ለማይችሉ ሕሙማን ነው። የድባቴ መድኃኒት ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት ይፈልጋል። የማይበላ፣ የማይጠጣ ወይም ራሱን ለማጥፋት የቆረጠ ሰው ያንን ያህል ጊዜ የለውም። ከባድ ድባቴ ላይ እንደ ታካሚያችን ያለ የተሳሳተ እምነት ወይም የሌለ ድምፅ መስማት ሲጨመርበት ኢሲቲ ከሁሉ የተሻለ ውጤት ከሚያሳይባቸው ሁኔታዎች አንዱ ነው። ሁለተኛው ካታቶኒያ ነው፦ የማይናገር፣ የማይንቀሳቀስ፣ እጁን ባነሡለት ቦታ ትቶት የሚቀር ሕመምተኛ። ለካታቶኒያ በመጀመሪያ ሎራዜፓም ይሞከራል፤ ካልሠራ፣ ወይም ትኩሳትና የደም ግፊት መዋዠቅ ከመጣ፣ ኢሲቲ መዘግየት የለበትም።

ከእነዚህ ቀጥሎ በመድኃኒት ያልተመለሰ ማንያ፣ ክሎዛፒን ብቻውን ያልበቃው ስኪዞፍሬኒያ፣ እንዲሁም ቀደም ሲል በኢሲቲ የዳነና ሕመሙ የተመለሰበት ሰው አሉ። እርግዝና አይከለክለውም፤ ከአጋማሽ በኋላ ግን እናቲቱ ወደ ግራ ጎኗ ዘንበል ብላ ትተኛለች፣ የጽንሱም የልብ ምት ከሕክምናው በፊትና በኋላ ይደመጣል።

የሚረብሽን ሕመምተኛ ዝም ለማሰኘት ወይም ለመቅጣት ኢሲቲ አይሰጥም። ትእዛዙ ለዚያ የመጣ ከመሰላችሁ ምክንያቱን ሐኪሙን በግልጽ ጠይቁ፣ መልሱንም ቻርት ላይ አስፍሩ።

አደጋው ምን ያህል ነው?

ከሕክምናው ጋር የተያያዘ ሞት ከ100,000 ክፍለ ጊዜ ውስጥ ወደ 2 ገደማ ነው፤ ይህም ለአጭር ቀዶ ሕክምና ከሚሰጥ ማደንዘዣ ጋር የሚቀራረብ ነው። አደጋው የሚከማቸው ልባቸውና ጭንቅላታቸው አስቀድሞ የተጎዳ ሰዎች ላይ ነው። በቅርቡ ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ የደረሰበት፣ በጭንቅላቱ ውስጥ ዕጢ ወይም ከፍ ያለ ግፊት ያለበት፣ የተወጠረ የደም ሥር እብጠት ያለበት ሰው ከማደንዘዣ ባለሙያውና ከሐኪሙ የጋራ ውሳኔ በፊት ወደ ክፍሉ አይገባም።

ሕሙማን «ኮረንቲ» ይሉታል። ስምምነት ስንጠይቅ እንዴት እናስረዳ?

በአማርኛ «ኮረንቲ ያዘው» ማለት ሞተ ወይም ሊሞት ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉ ሲነሣ ታካሚው የሚያየው የመብራት ምሰሶ ላይ የተያዘን ሰው ነው። ሕክምናው በ1938 በሮም ሲጀመርም ያለ ማደንዘዣ ነበር፤ የቀድሞው ወሬ ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። ቃሉን ከመሸሽ ይልቅ መፍታት ይሻላል፦ «አዎ፣ ኤሌክትሪክ አለበት፤ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ግንባርዎ አጠገብ ይሰጣል፤ እርስዎ ግን በዚያን ጊዜ በማደንዘዣ ተኝተዋል፣ አይሰማዎትም። የሚፈውሰው ኤሌክትሪኩ ራሱ ሳይሆን እሱ የሚቀሰቅሰው አንድ ደቂቃ ያህል የሚቆይ የአንጎል መንቀጥቀጥ ነው።»

ከዚህ በኋላ መነገር ያለባቸው፦ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ክፍለ ጊዜ እንደሚያስፈልግ፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ እንደሚሰጥ፣ ራስ ምታትና የመንጋጋ ሕመም ሊኖር እንደሚችል፣ ሌላ አማራጭ ምን እንዳለ፣ ባይወስዱትስ ምን ሊከተል እንደሚችል። የማስታወስ ጉዳቱም ሳይሸፋፈን ይነገር። «ትንሽ ይረሳሉ፣ ይመለሳል» ብቻ ማለት ትክክል አይደለም። ከሕክምናው በፊት በነበሩት ሳምንታትና ወራት የሆኑ አንዳንድ ነገሮች ሳይመለሱ ሊቀሩ ይችላሉ፤ ያንን ያልሰማ ሰው ፈርሟል እንጂ ተስማምቷል አይባልም።

ቤተሰብ ከፈረመ አይበቃም?

ታካሚው ራሱ መወሰን ከቻለ አይበቃም። በእኛ ዘንድ ባል፣ ወንድም ወይም ልጅ ወረቀቱን ይቀበላል፣ ታካሚዋም ዝም ትላለች፤ ዝምታዋ ስምምነት ሆኖ ይቆጠራል። መወሰን መቻሏን ለመለካት በእንግሊዝ የ2005 የአእምሮ አቅም ሕግ የሚጠይቃቸው አራት ነገሮች የትም ቢሆን ይጠቅማሉ፦ የተነገራትን ትረዳለች? ለመወሰን የሚበቃ ያህል ታስታውሰዋለች? ጥቅሙንና ጉዳቱን ታመዛዝናለች? ውሳኔዋንስ በቃል ወይም በምልክት ትገልጻለች? ከባድ ሕመም ስላለባት ብቻ አቅም የላትም አይባልም፤ በማግስቱም አቅሟ ሊለወጥ ይችላል።

የምሳሌ ታካሚያችን «ሆዴ ስለበሰበሰ ሕክምና ምን ይሠራልኛል» ትላለች። ይህ መልስ የተረዳችውን እንዳታመዛዝን ሕመሙ እንደያዛት ያሳያል። እንዲህ ሲሆን ጉዳዩ በአገሩ ሕግና በሆስፒታሉ ደንብ ወደተወሰነው አካል ይሄዳል፤ ቤተሰብ የሚጠየቀውም ስለ ቀድሞ ፍላጎቷ ምስክር እንዲሆን ነው። ከሦስት አራት ክፍለ ጊዜ በኋላ ሐሳቧ ሲጠራ ደግሞ ስምምነቱ ከእሷ ከራሷ እንደገና መጠየቅ አለበት። ይህ በጣም የሚዘነጋ ነው፤ በቤተሰብ ፊርማ የተጀመረ ሕክምና በዚያው እስከ መጨረሻው ይሄዳል።

ፊርማ ያለው ሰውም በሩ ላይ ደርሶ «አልፈልግም» ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ነርሱ ይቆማል፣ ለሐኪሙ ያሳውቃል፣ ሰዓቱንና የተባለውን ቃል ይጽፋል። «እዚህ ድረስ መጥተው!» ብሎ መጎትጎት ስምምነትን አይመልስም።

ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ምን ይዘጋጃል?

ሕክምናው ጠዋት 3 ሰዓት ከሆነ ጠጣር ምግብና ወተት ያለው መጠጥ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ የለም፤ ንጹሕ ውኃ እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ይፈቀዳል። በተግባር ታካሚው ተኝቶ ስለሚያድር ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምግብ የለም ማለት ይቀላል። «በልተሻል?» ብቻ ብሎ መጠየቅ ግን አይበቃም። ጠዋት በባዶ ሆድ የሚጠጣ ጠበል በብዙዎች ዘንድ ምግብም መጠጥም ተብሎ አይቆጠርም፤ አስታማሚ ከሁለት ሊትር በላይ አጠጥቶ «ምንም አልቀመሰችም» ብሎ በቅንነት ሊመልስ ይችላል። ስለዚህ «ጠበልስ? ቡናስ? ስንት ሰዓት ላይ?» ተብሎ በስሙ ይጠየቅ። የሞላ ሆድ ማደንዘዣ ላይ ወደ ሳንባ ሊመለስ ይችላል።

ጸጉሩ ታጥቦ የደረቀ መሆን አለበት። ቅቤ ወይም የጸጉር ቅባት ኤሌክትሮዱ ከቆዳው ጋር በደንብ እንዳይገናኝ ያደርገዋል፤ መሣሪያው ኤሌክትሪኩ በቀላሉ እንደማያልፍ ያሳያል፣ ቆዳም ሊቃጠል ይችላል። ኤሌክትሮዱ አናት አጠገብ የሚቀመጥ ከሆነ ጥብቅ ሹሩባ በቦታው መፈታት ይኖርበታል፤ ይህን ጠዋት ሳይሆን በዋዜማው መንገር ነው። ግንባር ላይ የተቀባ እምነት ካለ ፈቃድ ተጠይቆ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ማተብ መበጠስ አያስፈልግም፤ መስቀሉ ብረት ከሆነ ታካሚዋ ራሷ አውልቃ ለቤተሰብ ትስጥ። የብረት ጸጉር ማስያዣ፣ የጆሮ ጌጥ፣ ቢያንስ የአንድ ጣት የጥፍር ቀለም ይወገዳሉ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ይወጣል፣ የሚነቃነቅ ጥርስ ካለ ለማደንዘዣ ባለሙያው ይነገራል። ልክ ከመግባቷ በፊት ሽንት ትሽና።

ለአሥር ቀን ያልበላች ታካሚያችን ሌላም ነገር ያስፈልጋታል፦ የፖታሲየምና የኩላሊት ምርመራ፣ ፈሳሽም። ለብዙ ጊዜ ሳይንቀሳቀስ የተኛ ሰው፣ በተለይም ካታቶኒያ ያለበት፣ ጡንቻ የሚያላላው ሱክሳሜቶኒየም ሲሰጠው ፖታሲየሙ በድንገት ከፍ ብሎ ልቡን ሊያቆም ይችላል። «ስንት ቀን አልጋ ላይ ነበረች?» የሚለውን መልስ ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ነርሱ ነው፤ ለማደንዘዣ ባለሙያው ሳይጠየቅ ይንገር። በቤተሰቡ ውስጥ ከማደንዘዣ በኋላ መተንፈስ ያቃተው ወይም ሰውነቱ በትኩሳት የነደደ ሰው ካለም እንደዚሁ።

የትኞቹን መድኃኒቶች ለሐኪም ሳናስታውስ ማለፍ የለብንም?

ዲያዜፓምና መሰሎቹ መንቀጥቀጡን ያፍናሉ። ታካሚያችን በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ 11 ሰከንድ ብቻ ተንቀጠቀጠች እንበል፤ ቻርቱ ሲታይ የሌሊቱ ተረኛ እንቅልፍ ስላጣች ዲያዜፓም ሰጥቷታል። መድኃኒቱ «ሲያስፈልግ ይሰጥ» በሚለው የፒአርኤን ትእዛዝ ላይ ስለነበረ ማንም ስሕተት አልመሰለውም። ስለዚህ ትእዛዙ ኢሲቲ ባለበት ዋዜማ በግልጽ ይሰረዝ ወይም ሐኪሙ ይወስንበት። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ያው ባሕርይ አላቸው፤ ለሚጥል በሽታ የሚወሰዱ ከሆነ ግን ነርስ በራሱ አያቁማቸው። ሊቲየም ከሕክምናው በኋላ ረዥም ግራ መጋባት ሊያመጣ ይችላል፤ ቲዮፊሊን መንቀጥቀጡ እንዳይቆም ሊያደርግ ይችላል። የደም ግፊት መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጉንጭ ውኃ ይሰጣል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ተለክቶ፣ የጠዋቱ መጠን ከሐኪም ጋር ተወስኖ ነው።

በክፍሉ ውስጥ ቅደም ተከተሉ ምን ይመስላል?

ሰክሽን መሥራቱ፣ ኦክስጂን መኖሩ፣ አምቡ ባግና የድንገተኛ መድኃኒቶች መቅረባቸው ታካሚዋ ከመግባቷ በፊት ይታያል። ከዚያ ካኑላ፣ ኢሲጂ፣ ፐልስ ኦክሲሜትር፣ የደም ግፊት። አንድ ተጨማሪ ካፍ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይታሰራል፤ ጡንቻ የሚያላላው መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ከላይኛው የደም ግፊት በላይ ይነፋል። መድኃኒቱ ወደዚያ እግር ስለማይደርስ መንቀጥቀጡ በእግሩ ላይ ይታያል፣ በእሱም ሰዓቱ ይለካል። ካፉ መንቀጥቀጡ እንደቆመ መፈታት አለበት።

ማደንዘዣው በኪሎ ይሰላል። ፕሮፖፎል በኪሎ 1 ሚሊግራም ከሆነ ለ48 ኪሎ ወደ 50 ሚሊግራም ነው። ሱክሳሜቶኒየም በኪሎ 0.75 ሚሊግራም ከታዘዘ 36 ሚሊግራም ይሆናል፤ በሚሊሊትር 50 ሚሊግራም ካለው ቫያል 0.7 ሚሊሊትር፣ 20 ሚሊግራም ካለው ደግሞ 1.8 ሚሊሊትር። ሁለቱም ዓይነት በዓለም ገበያ ላይ ስላለ፣ አዲስ ሳጥን ሲከፈት የቫያሉን ጽሑፍ ሁለት ሰው ያንብበው። አንዳንድ ቦታ ቲዮፔንታል ወይም ኬታሚን ይሰጣል፤ ኬታሚን የደም ግፊትን ይበልጥ ከፍ ያደርጋል።

ታካሚዋ ከተኛች በኋላ ጡንቻዋ ከላይ ወደ ታች ይርገበገባል። ኤሌክትሪኩ የሚሰጠው እግር ላይ ያለው መርገብገብ ሲቆም ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ትንሽ ይበልጣል። በዚያ መሐል በማስክ ኦክስጂን ይሰጣታል። ባይት ብሎክ ለሁሉም ታካሚ ይገባል፦ ኤሌክትሪኩ የመንጋጋን ጡንቻ በቀጥታ ስለሚያኮማትረው ጡንቻ ማላያው ቢሰጥም መንጋጋ በኃይል ይገጥማል፣ ምላስም ይቆረጣል። ከንፈርና ምላስ በመሐል አለመግባታቸውን አይታችሁ አገጩን ደግፉ።

በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች የልብ ምት በጣም ሊዘገይ ወይም ለአፍታ ሊቆም ይችላል፤ ወዲያው ደግሞ ምቱም ግፊቱም ይወጣል። መንቀጥቀጥ ካልተነሣ ግን ያ ሁለተኛው መነሣሣት አይመጣም፤ ስለዚህ ያልተሳካ ሙከራ ላይ ሞኒተሩን ይበልጥ ተመልከቱ።

መንቀጥቀጡ በጣም ካጠረ ወይም አልቆም ካለስ?

ከ15 ሰከንድ በታች ከሆነ ሐኪሙ እንዲደግም የሚረዱት ነገሮች ናቸው የሚፈተሹት፦ የኤሌክትሮዱ ግንኙነት፣ የማደንዘዣው መጠን፣ የሌሊቱ መድኃኒት፣ በቂ ኦክስጂን። ረዥሙ ይበልጥ አስጊ ነው። ሰዓት ያዡ ነርስ ጮክ ብሎ «1 ደቂቃ፣ 1 ደቂቃ ተኩል» ይበል፤ 2 ደቂቃ ሲደርስ ማቋረጫው ማደንዘዣ ወይም ሚዳዞላም በሲሪንጅ ዝግጁ መሆን አለበት። እግሩ ቢቆምም የአንጎልን ሞገድ በሚመዘግበው ኢኢጂ ላይ መንቀጥቀጥ ሊቀጥል ይችላል፤ ስለዚህ ማለቁን የሚወስነው ወረቀቱን የሚያነበው ሐኪም ነው።

ስትነቃ ምን እንለካለን?

በጎኗ ትተኛለች፣ ኦክስጂኗ ይታያል፣ ቫይታል ሳይኗ በየ5 ደቂቃው ይለካል። ዓይኗን ከከፈተችበት ጊዜ ጀምሮ አምስት ጥያቄ በየ5 ደቂቃው ይጠየቃል፦ ስምዎ ማን ነው? የት ነው ያሉት? የተወለዱት መቼ ነው? ዕድሜዎ ስንት ነው? ዛሬ ምን ቀን ነው? ከአምስቱ አራቱን በትክክል የመለሰችበት ደቂቃ ይጻፋል። ይህ ቁጥር ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጥ ዋጋ አለው፤ ወደ ራሷ ለመመለስ ረዥም ጊዜ የሚወስድባት ታካሚ የቆየ ትዝታዋን የማጣት ዕድሏም ይበልጣል።

መለኪያው እንዳይሳሳት ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት እነዚሁን ጥያቄዎች ጠይቃችሁ መልሷን ጻፉ። ብዙ ሰው የተወለደበትን ቀን በትክክል አያውቅም፤ «በጣሊያን ጊዜ» ወይም «በጥምቀት ሰሞን» የሚል መልስ ለእሷ ትክክለኛው መልስ ከሆነ ነገም ትክክል ነው። በአሜሪካ፣ በእንግሊዝ ወይም በእስራኤል አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ የምትንከባከቡ ደግሞ ዓመተ ምሕረቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት፣ ሰዓቱም ስድስት ሰዓት እንደሚለያይ ለባልደረቦቻችሁ አስረዱ። በዚያ ሆስፒታል ጠዋት 9 ሰዓት ሲሆን «3 ሰዓት ነው» ያለች ሴት ግራ አልተጋባችም።

ስትነቃ ብትጮህና ከአልጋ ልትወርድ ብትታገልስ?

መጀመሪያ ኦክስጂኗን ተመልከቱ፤ አየር ያጣ ሰውም እንዲሁ ይታገላል። ቀጥሎ ሽንቷ ሞልቶ እንደሆነ፣ ካኑላው ወጥቶ እንደሆነ ይታይ። ከዚያ መብራቱ ይቀነስ፣ አንድ ሰው ብቻ በስሟ እየጠራ በዝግታ ያናግራት፣ ሌላው ይራቅ። ተይዛ ከተጨቆነች ትግሉ ይብሳል። ካልበረደ ማደንዘዣ ባለሙያው ትንሽ ሚዳዞላም ወይም ፕሮፖፎል ይሰጣል፤ በሚቀጥለው ጊዜም ይህ እንዲታሰብበት ይጻፋል። በተቃራኒው ሳትነቃ ከቆየች፣ ወይም ዓይኗ ተከፍቶ ምላሽ ከሌላት፣ የማይታይ መንቀጥቀጥ ቀጥሎ እንዳይሆን ሐኪሙ ይጠራ።

የማስታወስ ጉዳቱ ምን ይመስላል? እንዴት ይታወቃል?

ሦስት ነገር ነው። አንዱ ከነቃች በኋላ ያለው ግራ መጋባት ነው፤ ከደቂቃዎች እስከ ሰዓት ገደማ ይቆያል። ሁለተኛው አዲስ ነገር መያዝ አለመቻል ነው፦ ጠዋት የጎበኛትን ልጇን ማታ «ለምን አልመጣም?» ትላለች። ይህ ሕክምናው ካበቃ በኋላ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ሦስተኛው የቀድሞ የሕይወት ትዝታ መጥፋት ነው፤ አንዳንዱ ላይመለስ የሚችለው ይህ ነው። የማስታወሻ ፈተናዎች ይህን ብዙ ጊዜ አይዙትም፣ ምክንያቱም ፈተናው አዲስ ቃላትን እንጂ የልጇን ሠርግ አይጠይቅም። ስለዚህ በመጀመሪያ ከቤተሰብ ጋር ሆናችሁ በቅርብ ወራት የሆኑ አምስት ስድስት ነገሮችን መዝግቡ፣ በየጥቂት ክፍለ ጊዜው ስለ እነሱ ጠይቁ።

የታካሚያችን ወደ ራሷ የመመለሻ ጊዜ እንዲህ ሆነ እንበል፦ በሁለተኛው 14 ደቂቃ፣ በሦስተኛው 18፣ በአራተኛው 31፣ በአምስተኛው 52። እየበላች ነው፣ ሆዴ በሰበሰ ማለትም ትታለች፤ ግን ባለፈው ሳምንት ልጇ እንደ ተመረቀ አታውቅም። ቁጥሮቹን ያየ ሐኪም ብዙ መንገድ አለው። ኤሌክትሮዱ በሁለቱም የግንባር ጎን ላይ ከነበረ ወደ ቀኝ ጎን ብቻ ሊያዛውረው ይችላል፤ በቀኝ በኩል ሲሰጥ መጠኑ መንቀጥቀጥ ከሚያስነሣው ትንሹ መጠን ስድስት እጥፍ ገደማ ይሆናል፣ በሁለቱም በኩል ግን አንድ ተኩል እጥፍ ይበቃል። በቂ መጠን ያለው የቀኙ ብቻ ዘዴ ለድባቴ ውጤቱ የሚቀራረብ ሲሆን ትዝታን ይቆጥባል። የኤሌክትሪኩን ምት ማሳጠር ወይም በሳምንት ሦስቱን ወደ ሁለት ማውረድም ይቻላል። በሁሉም ግን መነሻው የነርሱ ማስታወሻ ላይ ያለው 31 እና 52 ነው፤ «በሰላም ነቅታለች» የሚል ብቻ ከተጻፈ ሐኪሙ የሚለውጥበት ምክንያት የለውም።

ከሆስፒታል ውጭ እየመጣ የሚታከም ሰው መቼ ይሄዳል?

አምስቱን ጥያቄ መልሶ፣ ውኃ ጠጥቶ ሳያስመልሰው፣ ቆሞ ሳይንገዳገድ። ብቻውን አይሄድም፤ ለ24 ሰዓት መኪና አይነዳም፣ ምድጃ ላይ ብቻውን አይተውም፣ ውል አይፈርምም። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ይሰጠው። አስታማሚው ወረቀት ላይ የሚቀጥለውን ቀንና ምግብ የሚቆምበትን ሰዓት ይዞ ይሂድ፤ ታካሚው የነገርነውን በዚያ ቀን ላይይዘው ይችላል።